ቤንዲንግ ስትረስ ዜሮ በሆነበት ቦታ ሺር ስትረስ ለምን ይበዛል?

«ሰላም ኢንጂነር። አምስት ኪሎ ሲቪል ምህንድስና እማራለሁ። ኒውትራል አክሲስ ላይ ቤንዲንግ ስትረስ ዜሮ ነው ተባልን። ቀጥሎ ደግሞ ሺር ስትረስ ከሁሉም በላይ የሚሆነው እዚያው ነው ተባልን። ምንም የማይጎተትና የማይጨመቅ ቦታ ላይ ሺሩ እንዴት ይበዛል? ሺር ፎርሱን ለስፋቱ ማካፈልስ ለምን አይበቃም? ለልምምድ የወጣሁት ፒያሳ አንድ አሮጌ ቤት እድሳት ላይ ነው። ወለሉን ከተሸከሙት እንጨቶች አንዱ ግድግዳው አጠገብ፣ ልክ ወገቡ ላይ፣ በአግድም ተሰንጥቋል። ፎርማኑ ‹ይሄ ሺር ነው› አለኝ። ቀመሩን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን ማስረዳት አቃተኝ። ቢያብራሩልኝ ደስ ይለኛል። ተማሪዋ»

ሰላም እህቴ። ያደናገረሽ አንድ ነገር ብቻ ይመስለኛል። ሺር ስትረስን እዚያው ነጥብ ላይ ካለው ቤንዲንግ ስትረስ ጋር አያይዘሽ ነው የምታስቢው። ሺሩ ግን ከዚያ ነጥብ አይመነጭም። ከነጥቡ በላይ ባለው እንጨት ውስጥ ተጠራቅሞ የመጣ ኃይል ነው። ይህን ከያዝሽ ፓራቦላው ራሱ ተከትሎ ይመጣል፤ በቁጥር አሳይሻለሁ። ወደ ፒያሳው እንጨት መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ የማካፈሉን ነገር እንጨርስ። ሺር ፎርሱን ለስፋቱ ስታካፍዪ የምታገኚው አማካዩን ነው። እንደ አማካይ ምንም ስህተት የለውም። ችግሩ የሚመጣው ስትረሱ ከላይ እስከ ታች እኩል ነው ብለሽ ስትወስጂው ነው።

ከቢሙ የላይኛ ፊት ላይ አንዲት በጣም ትንሽ ኩብ ቆርጠሽ አስቢ። በቀኝ ጎኗ ወደ ታች የሚገፋ ሺር ካለ፣ በግራ ጎኗ ወደ ላይ የሚገፋ አለ። ሁለቱ አንድ ላይ ኩቧን ያሽከረክሯታል። ቢሙ ውስጥ ግን ምንም ነገር እየተሽከረከረ አይደለም። ስለዚህ ያንን ዙር የሚመልስ አግድም ሺር በኩቧ የላይና የታች ፊት ላይ መኖር አለበት፤ መጠኑም ከቋሚው ጋር እኩል ነው። አሁን የላይኛዋን ፊት ተመልከቺ። ከላይዋ ያለው አየር ነው። አየር እንጨትን በአግድም ሊጎትት አይችልም። እዚያ አግድሙ ሺር ዜሮ ነው ማለት ነው። አግድሙ ዜሮ ከሆነ ቋሚውም ዜሮ ነው።

ከዚህች ኩብ ሁለት ነገር አገኘን። አንደኛ፣ ሺር ስትረስ ከላይኛው ፊት ላይ ከዜሮ ይጀምራል፣ ታችኛው ፊት ላይም ዜሮ ሆኖ ያበቃል። አማካዩ ደግሞ የታወቀ ነው። ሁለቱ ጫፍ ዜሮ ከሆነ፣ መሐል አካባቢ ከአማካዩ የሚበልጥ ቦታ የግድ ይኖራል። ሁለተኛ፣ በየትኛውም ከፍታ ላይ ቋሚውና አግድሙ ሺር እኩል ናቸው። ቋሚውን በቀጥታ ማስላት አስቸጋሪ ነው። አግድሙን ማስላት ግን ቀላል ነው። ስለዚህ አግድሙን እናሰላለን፣ ቋሚውን በነጻ እናገኛለን።

አግድም ሺር ምን እንደሚመስል በዓይን ማየት ከፈለግሽ፣ እኩል ርዝመት ያላቸው ሁለት ጣውላዎች ፈልጊ። አንዱን በሌላው ላይ ደርበሽ ሁለቱን ጫፎች ብሎኬት ላይ አስቀምጪ። የተደረቡት ጫፎች ላይ ሁለቱንም ጣውላ የሚያቋርጥ ቀጥ ያለ መስመር በእርሳስ አስምሪ። ከዚያ አንድ ሰው መሐሉ ላይ ይቁም። መስመሩ መጋጠሚያው ላይ ይሰበራል። ምክንያቱም የላይኛው ጣውላ ለብቻው ስለታጠፈ የታችኛው ፊቱ ይለጠጣል። የታችኛው ጣውላ ደግሞ የላይኛው ፊቱ ይጨመቃል። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ላይ አንዱ ሲረዝም ሌላው ያጥራል፤ ስለዚህ ይንሸራተታሉ።

አሁን ሁለቱን በጥሩ ሙጫ አጣብቂያቸው። መንሸራተቱ ይቀራል። ጥንድ ጣውላው በግትርነት አራት እጥፍ፣ በጥንካሬ ሁለት እጥፍ ያድጋል። የተጨመረ እንጨት የለም። ልዩነቱን ያመጣው ሙጫው መንሸራተቱን መከልከሉ ነው። ሙጫው ያለው ደግሞ የት ነው? ልክ ወገቡ ላይ፣ ኒውትራል አክሲሱ ላይ። ቤንዲንግ ስትረስ ዜሮ በሆነበት ቦታ ያለው ሙጫ ያን ሁሉ ሥራ ይሠራል። ወጥ በሆነ እንጨት ውስጥ የሙጫውን ሥራ የሚሠራው እንጨቱ ራሱ ነው፤ ቃጫውን ከቃጫው ጋር ያያዘው ነገር።

ወደ ቁጥር እንግባ። 25 ሚ.ሜ ውፍረት ያላቸው ስምንት ጣውላዎች ተጣብቀው አንድ ቢም ሠሩ እንበል። ወርዱ 100 ሚ.ሜ፣ ቁመቱ 200 ሚ.ሜ ነው። በሁለት ድጋፎች መካከል ያለው ርቀት 3 ሜትር ነው። ልክ መሐሉ ላይ 16 ኪሎ ኒውተን፣ ማለትም 1.6 ቶን ገደማ ተጭኗል። እያንዳንዱ ድጋፍ 8 ኪሎ ኒውተን ይሸከማል፤ ስለዚህ ከድጋፉ እስከ መሐሉ ሺር ፎርሱ 8 ኪሎ ኒውተን ነው። አማካይ ሺር ስትረሱ 8000 ሲካፈል ለ20,000፣ ማለትም 0.4 ሜጋፓስካል ይሆናል። ይህን ቁጥር ያዢው።

ከግራው ድጋፍ 500 ሚ.ሜ ርቀት ላይ አንድ ቁርጥ፣ 600 ሚ.ሜ ላይ ሌላ ቁርጥ አድርጊ። በመካከላቸው 100 ሚ.ሜ ርዝመት ያላት ቁራጭ ቢም አለች። በመጀመሪያው ቁርጥ ላይ ሞመንቱ 4 ኪሎ ኒውተን ሜትር ነው፤ በሁለተኛው ላይ 4.8። ቤንዲንግ ስትረሱን ስታሰዪ የላይኛው ፊት ላይ በመጀመሪያው ቁርጥ 6.0፣ በሁለተኛው 7.2 ሜጋፓስካል መጨመቅ ታገኛለሽ። ልዩነቱ 1.2 ነው። ይህ ልዩነት ወደ ወገቡ ስትወርጂ በቀጥታ መስመር እየቀነሰ ዜሮ ይሆናል።

ዋናው ነገር ይህ ልዩነት ነው። ስትረሱ ራሱ አይደለም።

የላይኛዋን ጣውላ ብቻዋን ውሰጃት። አማካይ የስትረስ ልዩነቷ 1.05 ሜጋፓስካል ነው። የጫፏ ስፋት 25 በ100፣ ማለትም 2500 ካሬ ሚ.ሜ ነው። ስናባዛው 2625 ኒውተን ይመጣል። በቀኝ ጫፏ በኩል ወደ ግራ የሚገፋት ኃይል፣ በግራ ጫፏ በኩል ወደ ቀኝ ከሚገፋት በ2625 ኒውተን ይበልጣል ማለት ነው። ብቻዋን ብትሆን ወደ ድጋፉ አቅጣጫ ትንሸራተት ነበር። ማን ያዛት? ከሥሯ ያለው ሙጫ። ስለዚህ የመጀመሪያው ሙጫ 2625 ኒውተን ተሸክሟል።

ሁለተኛዋ ጣውላ ለወገቡ ስለምትቀርብ የስትረስ ልዩነቷ 0.75 ብቻ ነው፤ በኃይል 1875 ኒውተን። ከሥሯ ያለው ሙጫ ግን የሚይዘው እሷን ብቻ አይደለም። ከላይዋ ያለችው ጣውላም እሷ ላይ ተደግፋለች። ስለዚህ ሁለተኛው ሙጫ 2625 እና 1875፣ በድምሩ 4500 ኒውተን ይይዛል። ሦስተኛዋ 1125 ትጨምራለች፤ ድምሩ 5625 ይሆናል። አራተኛዋ 375 ብቻ ትጨምራለች፤ ድምሩ 6000።

አራተኛዋ ጣውላ ላይ ትንሽ ቆም በዪ። ወገቡን የነካችው እሷ ነች። ራሷ ያመጣችው ኃይል ከሁሉም ያነሰ ነው፤ ከላይኛዋ አንድ ሰባተኛ። ከሥሯ ያለው ሙጫ ግን ከሁሉም የበለጠ ተጭኗል፤ ከላይ የመጣው ሁሉ በእሱ በኩል ስለሚያልፍ። የጥያቄሽ መልስ እዚህ ቦታ ላይ ነው።

አምስተኛዋ ጣውላ ከወገቡ በታች ነች። እሷ የምትጎተት እንጂ የምትጨመቅ አይደለችም። የኃይል ልዩነቷም ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ነው፤ 375 ኒውተን ወደ ቀኝ። ስለዚህ ድምሩ ከ6000 ወደ 5625 ይወርዳል። ከዚያ 4500፣ ከዚያ 2625፣ ከመጨረሻዋ ጣውላ በኋላ ዜሮ። ከታች የሚይዝ ሙጫ የለም፤ የሚያዝ ኃይልም አልቀረም። ሒሳቡ ተዘጋ።

ነገሩ ከሮቶ ውኃ ጋር ይመሳሰላል። ውኃ እስከገባ ድረስ፣ በቀጭኑም ቢሆን፣ በሮቶው ውስጥ ያለው ከፍታ ይጨምራል። መውጣት ሲጀምር ይቀንሳል። ከፍታው ከሁሉም በላይ የሚሆነው መግባቱ ቆሞ መውጣቱ ሊጀምር ሲል ነው፤ በዚያች ቅጽበት የሚገባውም የሚወጣውም ዜሮ ነው። የቤንዲንግ ስትረሱ ልዩነት የሚገባና የሚወጣው ውኃ ነው፣ ሺር ስትረሱ የተጠራቀመው። አንዱ በዜሮ በኩል አልፎ ምልክቱን ሲቀይር ሌላው ጫፉ ላይ ይደርሳል። ካልኩለስ ከተማርሽ በኋላ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ የአንድ ኩርባ ተዳፋት ዜሮ ሲሆን ኩርባው ጫፉ ላይ ነው።

አሁን ኃይሎቹን ወደ ስትረስ እንቀይር። የእያንዳንዱ ሙጫ ስፋት 100 በ100፣ ማለትም 10,000 ካሬ ሚ.ሜ ነው። ስለዚህ ከላይ ወደ ታች ሺር ስትረሱ 0.26፣ 0.45፣ 0.56፣ 0.60 ሜጋፓስካል፣ ከዚያ ተመልሶ 0.56፣ 0.45፣ 0.26፣ ዜሮ። ትልቁ 0.60 ነው። አማካዩ 0.4 ነበር። አንድ ተኩል እጥፍ! ከመጽሐፍ የምታውቂው 1.5 የመጣው ከዚህ ነው። ቁጥር አልመረጥኩለትም፤ ሌላ ልኬት ወስደሽ ብትሞክሪም ቁርጡ አራት ማዕዘን እስከሆነ ድረስ 1.5 ይመጣል።

ፓራቦላውስ? ጣውላዎቹ የሚጨምሩትን ኃይል በ375 አካፍዪው። 7፣ 5፣ 3፣ 1 ይመጣል። ጎዶሎ ቁጥሮች ናቸው። ስትደምሪያቸው 7፣ 12፣ 15፣ 16 ይሆናሉ። እነዚህ ደግሞ 16 ሲቀነስ 9፣ 16 ሲቀነስ 4፣ 16 ሲቀነስ 1፣ 16 ሲቀነስ 0 ናቸው። የሚቀነሱት ሁሉ ከወገቡ ያለው ርቀት በጣውላ ብዛት ተቆጥሮ፣ ከዚያ በራሱ ተባዝቶ የሚመጣ ቁጥር ነው። ሦስት ጣውላ ርቀት ላይ 9፣ ሁለት ላይ 4፣ አንድ ላይ 1። ከቋሚ ቁጥር ላይ የርቀት ካሬ ሲቀነስ የሚወጣው ቅርጽ ፓራቦላ ነው። የቤንዲንግ ስትረሱ ልዩነት ቀጥታ መስመር ስለሆነ የእሱ ድምር ፓራቦላ ከመሆን ሌላ አማራጭ የለውም። መምህርሽ ሰሌዳ ላይ የጻፈው ቀመር ይህንኑ ነው የሚለው፤

```
τ = V·Q / (I·b)

τ(y) = 6V/(b·h³) · (h²/4 − y²)

y = 0  →  τ = 3V/(2·b·h)
```

እዚህ y ከወገቡ ያለው ርቀት ነው። Q ደግሞ ከቆረጥሽበት ከፍታ በላይ ያለው ስፋት፣ የራሱ መሐል ከወገቡ ባለው ርቀት ተባዝቶ ነው። «ከዚህ በላይ ስንት እንጨት፣ ምን ያህል ርቆ አለ» የሚለውን ይቆጥራል፤ ጣውላዎቹን ስንደምር የነበረው ሥራ ነው። y ቦታ 50 አስገቢና 0.45 መምጣቱን ራስሽ አረጋግጪ።

መግባቱን የምትፈትሺበት አንድ ጥያቄ ልተውልሽ። ቢሙ ላይ ከሁለቱ ድጋፎች እኩል ርቀው ሁለት እኩል ሸክሞች ቢቀመጡ፣ በሸክሞቹ መካከል ሺር ስትረሱ ስንት ነው? ዜሮ ነው። የቢሙን ክብደት ከተውነው በዚያ ክፍል ሞመንቱ ትልቅ ነው፣ ቤንዲንግ ስትረሱም ትልቅ ነው፤ ግን ከቁርጥ ወደ ቁርጥ አይለወጥም። ልዩነት ከሌለ የሚጠራቀም ነገር የለም። በዚያ ክፍል ውስጥ ሙጫውን ብትፍቂው እንኳ ጣውላዎቹ እዚያ አይንሸራተቱም፤ ጫፎቹ ላይ እስከተያዙ ድረስ።

አሁን አንድ ፍትሐዊ ጥያቄ ይነሳል። በምሳሌያችን መሐል ላይ ትልቁ ቤንዲንግ ስትረስ 18 ሜጋፓስካል ነው። ሺሩ 0.6 ነው፤ አንድ ሠላሳኛ። ይህን ያህል ትንሽ ከሆነ ለምን እንጨነቃለን? ብረት ቢሆን፣ ወጥ አራት ማዕዘን ቢም ላይ ብዙም አንጨነቅም። እንጨት ግን በቃጫው አቅጣጫ ለመንሸራተት ደካማ ነው። ለምሳሌ በአውሮፓው የእንጨት ምደባ C24 የሚባለው ለስላሳ እንጨት በቤንዲንግ 24 ሜጋፓስካል የባሕርይ ጥንካሬ ሲኖረው፣ በሺር ያለው 4 ብቻ ነው። ስድስት እጥፍ ልዩነት ነው።

ሸክሙ በቢሙ ላይ እኩል ሲዘረጋ አንድ የሚያምር ውጤት አለ። ትልቁ ቤንዲንግ ስትረስ ለትልቁ ሺር ስትረስ ሲካፈል የሚመጣው የቢሙ ርዝመት ለቁመቱ ሲካፈል የሚመጣው ቁጥር ነው፤ ሌላ ምንም አይገባበትም። ስለዚህ C24 ላይ ርዝመቱ ከቁመቱ ስድስት እጥፍ ካነሰ ሺር ቀድሞ ይጥለዋል፤ ከበለጠ ቤንዲንግ። አጭርና ቁመታም ቢም የሺር ጉዳይ ነው የሚባለው ከዚህ ተነስቶ ነው። ነጠላ ከባድ ሸክም ወደ ድጋፉ ሲጠጋም ያው ነው፤ ሞመንቱ ትንሽ ሆኖ ሺሩ ሙሉ ለሙሉ አንድ ድጋፍ ላይ ይወድቃል።

ቀመሩን ያገኘው ሰውም ያነሳሳው እንጨት ነበር። ዲሚትሪ ዙራቭስኪ የሩሲያ የባቡር መሐንዲስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ በሴንት ፒተርስበርግና በሞስኮ መካከል ለሚዘረጋው ሐዲድ የእንጨት ድልድዮች ሲሠራ፣ ትልልቅ የእንጨት ቢሞች ጉዳይ ገጠመው። እንጨቱ በቃጫው አቅጣጫ ለመንሸራተት ደካማ በመሆኑ፣ ተደራርበው የተያያዙ ቢሞች እንዳይንሸራተቱ ምን ያህል ማያያዣ እንደሚያስፈልጋቸው ማስላት ነበረበት። ዛሬ የምትጠቀሚበት VQ/(Ib) በብዙ አገር በእሱ ስም ይጠራል።

ስለ ገደቦቹ የግድ ልንገርሽ፤ ቀመሩ የማይሠራበትን አለማወቅ ቀመሩን ካለማወቅ የባሰ ነው። ቀመሩ ሺሩ በወርዱ ላይ እኩል ነው ብሎ ይጀምራል። ቢሙ ቀጠን ብሎ ሲቆም ይህ እውነት ነው፤ ቁመቱ የወርዱ እጥፍ ሲሆን ጎኖቹ ላይ ያለው ስህተት 3 በመቶ ገደማ ነው። እኩል ጎን ላለው ካሬ ወደ 13 በመቶ ይደርሳል። ጣውላን ጠፍጣፋውን አስተኝተሽ ብትጠቀሚ፣ ወርዱ የቁመቱ እጥፍ ሆኖ፣ ጎኖቹ ላይ ያለው ሺር ከቀመሩ በ40 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ድጋፉ አጠገብና ልክ ሸክሙ ሥርም ቀመሩ አይሠራም፤ ከዚያ የቢሙን ቁመት ያህል ስትርቂ ነው ፓራቦላው የሚስተካከለው።

«ሁልጊዜ ኒውትራል አክሲስ ላይ» ብለሽም አትያዢው። ለአራት ማዕዘን ትክክል ነው፤ ወርዱ ስለማይለወጥ። ለሦስት ማዕዘን ቁርጥ ኒውትራል አክሲሱ ከመሠረቱ የቁመቱ ሲሶ ላይ ሲሆን፣ ሺሩ የሚበዛው ግን ልክ የቁመቱ አጋማሽ ላይ ነው። ወደ ላይ ስትሄጂ የሚያዘው ኃይል ትንሽ ቢቀንስም፣ የሚይዘው ወርድ ከዚያ በፍጥነት ይጠባል። ሌላው ደግሞ ሳይት ላይ በየቀኑ የምታዪው የአርማታ ቢም ነው። አርማታው ከታች ከተሰነጠቀ በኋላ ይህ ፓራቦላ አይሠራለትም። ለዚያ ነው ኮዶቹ ሺሩን በአማካይ ወስደው በሌላ መንገድ የሚያስሉት።

ወደ ፒያሳው እንጨት እንምጣ። ፎርማኑ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ቦታው ይመሰክርለታል። እኩል በተዘረጋ ሸክም ሺር ፎርስ ከሁሉም በላይ የሚሆነው ድጋፉ አጠገብ ነው፤ በቁመቱ ላይ ደግሞ ወገቡ። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ግድግዳው አጠገብ ያለው ወገብ ነው። ግን እንጨት ሲደርቅም ይሰነጠቃል፤ ባሕር ዛፍ በተለይ። ስንጥቁን አይተሽ ብቻ አትፍረጂ።

መጀመሪያ ስስ የብረት ምላጭ አስገቢና ስንጥቁ ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ ለኪ፤ ከሁለቱም ጎን። የድርቀት ስንጥቅ ብዙውን ጊዜ ወደ እንጨቱ ልብ ሄዶ ይቆማል፤ ወዲያ ማዶ አይወጣም። የሺር ስንጥቅ ወርዱን በሙሉ ይበጥሳል። ቀጥሎ የእንጨቱን ጫፍ ማየት ከቻልሽ፣ ላዩና ታቹ አሁንም እኩል መሆናቸውን ተመልከቺ። የላይኛው ግማሽ ከታችኛው ጥቂት እንኳ ወጣ ካለ፣ እንደ ጣውላዎቹ መስመር መንሸራተት ተፈጥሯል፤ ጥርጣሬ የለውም። ድርቀት እንዲህ ያለ ደረጃ አይፈጥርም። ሌሎቹን እንጨቶችም እዪ፤ መሐላቸውም ላይ ተመሳሳይ ስንጥቅ ካለ ድርቀት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ጫፉ ግድግዳው ላይ እንዲቀመጥ ከታች ተፈልፍሎ እንደሆነም አጣሪ። አናጢዎች ወለሉን እኩል ለማድረግ ይህን ያደርጋሉ። በምሳሌያችን ግማሹ ቢፈለፈል የቀረው ቁመት 100 ሚ.ሜ ነው፤ ሺሩ ወዲያው ከ0.6 ወደ 1.2 ይወጣል፤ የፍልፍሉ ማዕዘን ላይ ደግሞ ቃጫውን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያላቅቅ ኃይል ይጨመርበታል። እንዲህ ከሆነ ስንጥቁ የሚጀምረው ከማዕዘኑ ነው፤ ከወገቡ ጋር የተገጣጠመው በአጋጣሚ ሊሆን ይችላል።

የድርቀት ስንጥቅ ነው ብትይም ጉዳዩ አያልቅም። ሺሩን የሚይዘው ወርድ ጠቧል። የአውሮፓው የእንጨት ግንባታ ኮድ፣ ዩሮ ኮድ 5፣ ለዚህ ብሎ ወርዱ በ0.67 እንዲባዛ ይመክራል። በምሳሌያችን 0.6 የነበረው 0.9 ይሆናል። ቅድም ያልኩሽ የስድስት እጥፍ መስመርም ወደ ዘጠኝ እጥፍ ይዘረጋል።

የሺር ስንጥቅ ከሆነ ከማንኛውም ነገር በፊት ከሥሩ አጣና ወይም የብረት ፕሮፕ አስቁሙበት፤ ላዩ ላይ የተከመረ ዕቃ ወይም አሸዋ ካለም ይነሳ። ስንጥቁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከተጓዘ እንጨቱ አንድ ቢም መሆኑ ቀርቶ ሁለት የተደረቡ ጣውላዎች ሆኗል፤ ግትርነቱ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል።

ከዚያ «በሚስማር እንሰፋዋለን» የሚል ሰው አይጠፋም። አስሊለት። በምሳሌያችን ወገቡ ላይ ያለው 0.6 ሜጋፓስካል በ100 ሚ.ሜ ወርድ ሲባዛ በእያንዳንዱ ሚ.ሜ ርዝመት 60 ኒውተን ነው። ከድጋፉ እስከ መሐሉ 1500 ሚ.ሜ አለ። ድምሩ 90 ኪሎ ኒውተን፣ ዘጠኝ ቶን ገደማ፤ ያውም ለአንዱ ግማሽ ብቻ። አንድ ተራ ሚስማር በሺር 1 ኪሎ ኒውተን ገደማ ይይዛል ብንል፣ በየግማሹ ዘጠና ሚስማር ያስፈልጋል። ያን ያህል ሚስማር የተመታበት አሮጌ ደረቅ እንጨት ደግሞ በሚስማሮቹ መስመር ይሰነጠቃል። ስለዚህ የተሻለው መንገድ አዲስ እንጨት ከጎኑ አስጠግቶ፣ ሁለቱም ጫፎቹ ግድግዳው ላይ እንዲያርፉ አድርጎ፣ ሸክሙን ወደ እሱ ማዛወር ነው። አዲሱ እንጨት ሙሉውን ሸክም ለብቻው እንደሚሸከም አድርገሽ አስዪው፤ ወገቡ ላይም 1.5V/(bh)ን ሳትፈትሺ አትለፊ።